ድንጋዩን ምን ያዘገየዋል?

ጥያቄ፦ «በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ እንግሊዝ አገር ለጥንታዊ ሰዓቶች ጥገና ሥልጠና አመልክቻለሁ። በቃለ መጠይቁ ላይ የመካከለኛው ዘመን የማማ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ አስረጂ እንደምባል ሰምቻለሁ። እኔ የማውቀው ፔንዱለም ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?»

ፔንዱለሙን ለጊዜው እርሺው፤ ሰዓት ላይ የዋለው በ1656 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሳልስበሪ ካቴድራል ያለውን፣ በ1386 ገደማ እንደተሠራ የሚታመነውን ሰዓት አጥኚ። ቁጥር የተጻፈበት ገጽ የለውም፤ ሥራው ሰዓት ሲሞላ ደወል መምታት ብቻ ነው።

ጉልበቱ የሚመጣው በበርሜል ላይ በተጠመጠመ ገመድ ከተንጠለጠለ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ዝም ብሎ ቢለቀቅ መንኮራኩሮቹን እያስፈተለከ በአፍታ ታች ይደርሳል። ስለዚህ ጠያቂዎቹ መስማት የሚፈልጉት ምን እንደሚያዘገየው ነው።

የመጨረሻው መንኮራኩር ጥርሶቹ እንደ ዘውድ ወደ አንድ ጎን ያፈነገጡ ናቸው። ከፊቱ ቬርጅ የሚባል ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዘንጉ ከላይና ከታች አንዳንድ የብረት ምላስ አለው፤ ሁለቱ ወደተለያየ አቅጣጫ ያያሉ። አናቱ ላይ ደግሞ ፎሊዮት የሚባል አግዳሚ ብረት፣ በሁለቱ ክንዶቹ ክብደት ተንጠልጥሎበት ተቀምጧል። አንድ ጥርስ የላይኛውን ምላስ ገፍቶ ሲያልፍ ፎሊዮቱ ይዞራል፤ ወዲያው በማዶ በኩል ያለ ጥርስ የታችኛው ምላስ ላይ ያርፋል። የምትሰሚው ቀጭታ ያ ነው። ፎሊዮቱ ግን ከባድ ስለሆነ ባለበት አይቆምም፤ መንኮራኩሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፍቶ ነው ተሸንፎ የሚመለሰው። ይህችን የኋልዮሽ ግፊት ሳትጠቅሺ እንዳታልፊ፤ አሠራሩን የገባውን ሰው ከሸመደደው የምትለየው እሷ ናት።

ሒሳብ ቢጠይቁሽ፣ ፎሊዮቱ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር አንድ ጥርስ ያልፋል። መንኮራኩሩ 45 ጥርስ ቢኖረውና አንዱ ምልልስ 4 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ180 ሰከንድ፣ ማለትም በ3 ደቂቃ ነው። ሰዓቱ ከቀደመ ክብደቶቹን ወደ ክንዱ ጫፍ ታርቂያቸዋለሽ፤ ፎሊዮቱ ይዘገያል።

ድክመቱም እዚሁ ነው። ፔንዱለምን የመሬት ስበት ወደ መሃል ስለሚመልሰው የራሱ ምት አለው። ፎሊዮት ግን የሚመልሰው የጥርሱ ግፊት ብቻ ነው። በብርድ ዘይቱ ቢወፍር ወይም መንኮራኩሮቹ ላይ ሰበቃ ቢበዛ ግፊቱ ይቀንስና ምቱ ይዘገያል። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል መሳት የተለመደ ስለነበር ጠባቂዎቹ በፀሐይ ሰዓት እያዩ ያስተካክሉት ነበር።

አንድ ወጥመድ ልንገርሽ። የሳልስበሪው ሰዓት በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ ፔንዱለም ተቀይሮ ነበር፤ ቬርጅና ፎሊዮት መልሰው የሠሩለት በ1956 ነው። ፎቶ አሳይተው የትኛው ክፍል የ14ኛው መቶ ዘመን እንደሆነ ቢጠይቁሽ፣ ጣትሽን ፎሊዮቱ ላይ እንዳታሳርፊ።