ላምዳ ሲገባ የትምህርት ኮፊሸንት ለምን ዘለለ?

*«ጋሼ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 600 ሴቶችን ጠይቄያለሁ። ደመወዝ ያላቸው 230 ናቸው። በእነሱ ብቻ ስሠራው አንድ ዓመት ትምህርት ደመወዝን 7 በመቶ ይጨምራል። አማካሪዬ የናሙና ምርጫ አድልዎ ስላለ በሄክማን አርሚው አሉኝ። በሁለቱም እኩልታ ትምህርት፣ ዕድሜና የዕድሜ ስኩዌር አስገብቼ ስሠራው 7ቱ 19 ሆነ፣ ስታንዳርድ ኤረሩም አራት እጥፍ አደገ። የቱን ልመን?»*

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትመኚ። 7ቱ ያየው ሥራ የያዙትን ብቻ ነው። 19ኙ ደግሞ የመጣው ቱሉ ዲምቱ ላይ ደጅ ለደጅ ዞረሽ ከሰበሰብሽው መረጃ አይደለም፤ ከአንድ የሒሳብ ኩርባ ትንሽ መታጠፍ ነው።

መጀመሪያ 7ቱ የት ላይ እንደሚያሳስት እንይ። ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠች እናት ሥራ ብትገባ የምታገኘው ደመወዝ ትንሽ ነው። ከዚያ ላይ የታክሲና ልጅ የሚይዝላት ሰው ወጪ ሲቀነስ ብዙዎቹ ቤት መቀመጥን ይመርጣሉ። ያም ሆኖ ሥራ የያዘችው አንድ ነገር አላት ማለት ነው፤ እጇ የሠለጠነ ነው፣ ወይም ጥሩ ቦታ የሚያስገባ ዘመድ አላት። ይህ መጠይቅሽ ላይ የለም። ዲግሪ ያላት ግን እንዲህ ያለ ነገር ባይኖራትም ደመወዙ ስለሚያዋጣት ትወጣለች። ስለዚህ በ230ዎቹ ውስጥ ያልተማሩት የተመረጡ ናቸው፣ የተማሩት ግን እንደማንኛውም ሰው ናቸው። የትምህርት ልዩነቱ ከእውነተኛው ጠቦ ይታያል።

ኢኮኖሚስቱ ጄምስ ሄክማን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንን አድልዎ ከእኩልታው እንደጎደለ አንድ ተለዋዋጭ አየው። የጎደለውን ከገመትነው መልሰን ማስገባት እንችላለን። ሁለቱ እርምጃዎች እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያው 600ዎቹንም ይዘሽ «ትሠራለች ወይስ አትሠራም» የሚለውን በፕሮቢት ትገምቻለሽ። ከዚያ ለእያንዳንዷ ሴት የወጣውን ነጥብ, z እንበለው, ወደ ላምዳ ትቀይሪያለሽ። ላምዳ የኖርማል ኩርባው ቁመት በዚያ ነጥብ ላይ፣ ለመሥራት ዕድሏ ሲካፈል ነው። በሁለተኛው እርምጃ ላምዳን በ230ዎቹ የደመወዝ እኩልታ ውስጥ ታስገቢያለሽ።

በምሳሌ እንየው። ሁለት ሴቶች ሁለቱም 10ኛ ክፍል ጨርሰዋል፣ ዕድሜያቸውም እኩል ነው፣ ሁለቱም ይሠራሉ። የመጀመሪያዋ እናቷ አብራት ስላለች z 0.5 ነው፤ የመሥራት ዕድሏ 69 በመቶ፣ ላምዳዋ 0.51። ሁለተኛዋ ሁለት ሕፃናት አሏት፣ የሚያግዛት የለም፤ z −0.5፣ ዕድሏ 31 በመቶ፣ ላምዳዋ 1.14። የላምዳ ኮፊሸንት 0.3 ቢሆን፣ በሎግ ደመወዝ ላይ የሁለቱ ልዩነት 0.3 × 0.63፣ ማለትም ወደ 0.19 ነው። ይህ ሕፃናት ማሳደግ ደመወዝ ይጨምራል ማለት አይደለም። ያንን ሁሉ ተቋቁማ የወጣችው ሴት የማይታይ ብልጫ እንዳላት ነው የሚነግረን።

ልብ በይ፣ እዚህ ሁለቱን የለየልን ትምህርት አይደለም፤ አብራ የምትኖር አያትና ሕፃናት ናቸው። ያንቺ ፕሮቢት ውስጥ ግን ያለው ትምህርትና ዕድሜ ብቻ ነው፣ እነሱ ደግሞ ደመወዝ እኩልታው ውስጥም አሉ። ስለዚህ ላምዳን ከእነሱ የሚለየው ቀጥተኛ መስመር አለመሆኑ ብቻ ነው። z ከ−1 ወደ −0.5፣ 0፣ 0.5 እና 1 ሲሄድ ላምዳ 1.53፣ 1.14፣ 0.80፣ 0.51፣ 0.29 ይሆናል። በወረቀት ብትሥዪው ከቀጥታ መስመር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላምዳንና ትምህርትን መለየት አቃተው፤ ስታንዳርድ ኤረሩ ያበጠው ለዚህ ነው። ራስሽ በስታታ እንዲህ አረጋግጪ፦

```
probit work educ age age2
predict z, xb
gen lam = normalden(z)/normal(z)
reg lam educ age age2 if work==1
```

የመጨረሻው መስመር R² 0.94 ከሆነ የላምዳ ስታንዳርድ ኤረር ወደ አራት እጥፍ ይነፋል። የትምህርቱም አብሮት ያብጣል።

መድኃኒቱ መሥራትን የሚወስን፣ ደመወዝን ግን በቀጥታ የማይነካ ተለዋዋጭ መጨመር ነው። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ ሶፍትዌር አይመርጥልሽም። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቁጥር የተለመደ ነው። ግን ሕፃን ያላት ሴት ሰዓት ስለምትቀንስ የወር ደመወዝን ሳይሆን የሰዓት ክፍያን ተጠቀሚ። ቤት ውስጥ ሠራተኛ መኖሩን አታስገቢ፤ ሠራተኛ የተቀጠረችው እመቤቲቱ ደመወዝ ስላገኘች ሊሆን ይችላል። አያትም እንዲሁ ናት። ብዙ ሴት ሥራ ስታገኝ ነው እናቷን ከአገር ቤት የምታስመጣው። «ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አብራሽ ነበረች ወይ?» ብለሽ ተመልሰሽ ብትጠይቂ ይሻላል፣ ስልካቸውን ይዘሽ ከሆነ።

ቤቱ በዕጣ ስለደረሳቸው ርቀትን ልጠቀም ልትዪ ትችያለሽ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም። ዕጣው ቦታውን ያለምርጫ ይሰጣል እንጂ ርቀትን ከደመወዝ አያላቅቅም፤ ከከተማ የራቀች ሴት ሰፈሯ ያለውን አነስተኛ ክፍያ ትቀበላለች። ተከራዮቹማ ሰፈሩን ራሳቸው መርጠው ነው የገቡት።

ከመረጥሽ በኋላ እንዲህ አስኪጂው፤ kids6 ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቁጥር ነው፣ ayat ደግሞ አያት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አብራ መኖሯ፣ lnwage የሰዓት ክፍያው ሎግ ነው፦

```
probit work educ age age2 kids6 ayat
test kids6 ayat
heckman lnwage educ age age2, select(work = educ age age2 kids6 ayat) twostep
```

`test` ሁለቱ ተለዋዋጮች ጉልበት እንዳላቸው ያሳይሻል። ደካማ ከሆኑ ያው የቀድሞው ችግር ነው። ሁለተኛውን እርምጃ በእጅሽ በ`reg` አትሥሪው፤ ላምዳ ራሱ ግምት መሆኑን ስለማያውቅ የሚሰጥሽ ስታንዳርድ ኤረር ትክክል አይሆንም።

ቁጥሩ የግድ ብዙ መቀየር የለበትም። በ1975 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባለትዳር ሴቶች መረጃ፣ ኢኮኖሚስቱ ቶማስ ምሮዝ በተጠቀመበት፣ ከ753 ሴቶች 428ቱ ይሠሩ ነበር። እዚያ የትምህርት ኮፊሸንት ከ0.108 ወደ 0.109 ብቻ ነው የሄደው፤ የላምዳው 0.032፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.134። አድልዎ ለመኖሩ እዚያ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው። ያንቺም እንደዚህ ቢወጣ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አቅርቢ።

አንድ የማሳስብሽ ነገር አለ። ደመወዝ የሌላቸው 370ዎቹ እነማን ናቸው? ጉሊት የምትሸጠው፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክበው፣ ሥራ ፈልጋ ያጣችው እና ቤት የተቀመጠችው ሁሉ 0 ውስጥ ናቸው። ፕሮቢትሽ ግን «ሥራ አልፈለጉም» ብሎ በአንድ ያያቸዋል። ቢያንስ ጉሊትና እንጀራ የሚሸጡትን አውጥተሽ ድጋሚ ሥሪውና የላምዳው ምልክት ይቀየር እንደሆነ እይ። ኔጌቲቭ ቢሆን አትደንግጪ። በችግር ተገፍተው የወጡ ሴቶች የሚበዙበት ሰፈር ከሆነ፣ የሚጠበቀው እሱ ነው።