ለመረጃ ነው ወይስ ለአፈፃፀም?

ባለፈው ሳምንት ሥራ የጀመረ አንድ የግዢ ልጅ «ጋሼ፣ ኢሜይል ላይ ሲሲ የተደረገ ሰው መመለስ አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄዋ ትንሽ ናት። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የግዢ ኃላፊ ሳለሁ ነው። በኤልሲ፣ ማለትም ሰነዱ ሲሟላ ባንክ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ፣ የገዛነው ዕቃ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል። ሰነዱም ባንክ ደርሷል። ግን ኢንቮይሱ ላይ ያለው የዕቃ ስም ከኤልሲው ጋር አልገጠመም። ባንኩ «ልዩነቱን ተቀብለናል» የሚል ደብዳቤ ካላየ ሰነዱን አይለቅም። ያለ ሰነድ ደግሞ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አይሞላም።

የባንኩን መልእክት ለዘጠኝ ሰው ላክሁ። ዘጠኙም To ላይ። ከላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ «ተመልክታችሁ አስፈላጊው ይደረግ።» ማን ያድርግ? ይደረግ! አማርኛችን ለዚህ ይመቻል፤ አድራጊውን ሳትጠራ ዓረፍተ ነገሩ ይሞላልሃል።

መልስ ጎረፈ። «ደርሶናል።» «እናመሰግናለን።» ሁሉም በሪፕላይ ኦል። ከመጋዘን አንዱ እዚያው ላይ የሹፌር አበል አነሳ፤ ወሬው ሁሉ አበል ሆነ። ግዢ ፋይናንስ ይጽፋል አለ፣ ፋይናንስ ግዢ ይጽፋል አለ። በ11ኛው ቀን ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣልን ትራንዚተር ደወለ፦ «ሰነዱ የታለ? የማከማቻ ሒሳብ እየቆጠረባችሁ ነው።»

ፋይናንስ ገብቼ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ላይ በሰው ፊት ጮህኩ። ኢሜይሉን ከፈተችና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። «ጋሼ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» የትም የለችም። በዓመቱ ለቀቀች። ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

የሚገርመው በወረቀት ዘመን ይህን አሳምረን እናውቅ ነበር። አለቃዬ ደብዳቤው ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለእገሌ፣ እንዲፈጽሙት» ብለው ይመሩታል። ግርጌው ላይ «ግልባጭ» አለ፤ ግልባጭ የደረሰው አንብቦ ፋይል ያደርጋል። መዝገብ ቤት የነበሩት ወይዘሮ ያልተመራ ደብዳቤ አያስወጡም፤ ቡና ብትጋብዛቸውም። የዛሬ ልጆች አውራ ጣት ትልካላችሁ። አየሁ ነው? እሠራለሁ ነው?

ዛሬ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ለአፈፃፀም፦ የፋይናንስ ኃላፊ። ልዩነቱን መቀበላችንን የሚገልጽ ደብዳቤ እስከ ረቡዕ 9፡00 ሰዓት ለባንኩ ያስገቡ። ሲያስገቡ ለእኔ ብቻ ይመልሱ።
ለመረጃ ብቻ፦ መጋዘን፣ ትራንዚተር። መልስ አያስፈልግም።»

To ላይ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ደብዳቤው ሁለት ፊርማ ከፈለገ ግን፣ እሺ፣ ሁለት ይሁኑ፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይተህ ጻፍ። ሥራው ወደ ሌላ ሰው ከዞረ ሰውየውን ከCc አውጥተህ To ላይ አስገባው፤ መዞሩንም መጀመሪያው መስመር ላይ ተናገር።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሲሲ ከሆንክ አትመልስ። ስህተት ካየህ ለላኪው ብቻ ጻፍለት። ሥራው ለማን እንደተሰጠ የማያስታውቅ መልእክት ከደረሰህ ግን ደውልና «ይሄን ማነው የሚሠራው?» በል። ያኔ ከዘጠኙ አንዱ እንዲህ ብሎ ቢደውልልኝ ምናልባት እቆጣው ነበር። እንደዚያ ዓይነት አለቃ ነበርኩ።