ጥያቄና መልስ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ኅትመትና ጥረዛ ስንት ብር ልያዝ?

«በቦርከና ተፋሰስ ላይ የሠራሁት ጽሑፍ 112 ገጽ ነው፤ ስምንቱ ባለከለር ካርታ ናቸው። ለፈታኞች ሦስት ቅጂ፣ በመጨረሻ ደግሞ አምስት ይፈለግብኛል። ስንት ብር ልያዝ?» (ከደሴ)

እህቴ፣ መጀመሪያ የአንዱን ቅጂ ሒሳብ አውጪ። ዋጋው ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ለስሌት እንዲመቸን ጥቁር ገጽ 5 ብር፣ ባለከለር 20፣ ስፓይራል 80፣ ሃርድ ከቨር 400 ነው እንበል፤ አንቺ የጠየቅሽበትን ቤት ዋጋ ተኪበት። 104ቱ ጥቁር ገጽ 520 ብር፣ ስምንቱ ካርታ 160 ብር ነው። አንዱ ቅጂ ሳይጠረዝ 680 ብር ወጣ ማለት ነው።

ለፈታኞች ስፓይራል ይበቃል። ሦስቱ ቅጂ 2,040 ብር፣ ጥረዛው 240፣ በድምሩ 2,280 ይሆናል። የመጨረሻዎቹን አምስቱን ግን በ112 ገጽ አታስቢያቸው። ከዲፌንስ በኋላ ማብራሪያ ጨምሪ፣ ሠንጠረዥ ዘርዝሪ መባልሽ አይቀርም። 118 ገጽ ብለሽ ብትይዢ አንዱ ቅጂ 710፣ አምስቱ 3,550፣ ከነጥረዛው 5,550 ይመጣል። አማካሪሽ እርማቱን የሚያዩበት አንድ ጥቁር ቅጂ 590 ብር ጨምሪበት። ጠቅላላው 8,420 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህችን የአማካሪውን ቅጂ ይረሳታል።

«ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ባለከለር ገጼ ጥቂት ሆኖ ሳለ ከግማሽ በላዩን በከለር ሒሳብ ቆጠረብኝ። ተጭበርብሬ ይሆን?» (ከኮምቦልቻ)

ላይሆን ይችላል፤ ፋይልህን ተመልከት። ብዙ የከለር ማሽኖች ገጹ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቃል ካገኙ ገጹን በሙሉ እንደ ከለር ይቆጥሩታል። ሰማያዊ የሆነ የድረ ገጽ አድራሻ፣ በየገጹ አናት ላይ የተቀመጠ ባለከለር አርማ፣ በቀለም የተጻፈ ርዕስ፣ ሁሉም ያስከፍላሉ። ከላይ ባለው ዋጋ በአንድ ገጽ የ15 ብር ልዩነት አለ፤ 50 ገጽ በአምስት ቅጂ ሲባዛ 3,750 ብር በከንቱ ይሄዳል።

መፍትሔው ከለር የማያስፈልገውን ጽሑፍ ሁሉ ጥቁር ማድረግ፣ ከዚያ ፋይሉን `PDF` አድርጎ ሁለት ጊዜ ማዘዝ ነው። መጀመሪያ ጥቁሮቹ `Print in grayscale` ተመርጦ ይታተማሉ፤ ቀጥሎ ይህ ምርጫ ይነሣና በ`Pages` ሳጥን ውስጥ የካርታዎቹ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፊተኞቹ ገጾች በሮማን ቁጥር ስለሚቆጠሩ ጽሑፉ ላይ 34 የሚለው ገጽ በ`PDF` ቆጠራ 46ኛ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አትስጥ። `PDF` ማድረጉ ሌላም ጥቅም አለው፦ ያለዚያ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር የአንተ የግዕዝ ፎንት ከሌለው መስመሩ ተዛብቶ የገጽ ብዛቱ ይለወጣል፣ ማውጫውም ይበላሻል።

«አምስቱንም በሃርድ ከቨር ካስጠረዝኩ በኋላ አማካሪዬ አንድ ሠንጠረዥ ተሳስቷል አሉኝ። ገጹን ብቻ መቀየር ይቻላል?» (ከወልድያ)

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ እኔንም ያመኛል፤ በተማሪነቴ ደርሶብኛል። ስፓይራል ቢሆን ተፈትቶ ገጹ ይለወጥ ነበር። ሃርድ ከቨር ግን ጀርባው በሙጫ ወይም በክር የተያዘ ስለሆነ አንዱ ሲነቀል ጎረቤቱም ይላላል። ጎበዝ ጠራዥ ገጹን ከሥሩ ጥቂት አስቀርቶ ይቆርጥና አዲሱን በዚያ ላይ ይለጥፈዋል። ለአንድ ገጽ ይሠራል፤ ግን ጠጋ ብሎ ላየው ያስታውቃል። ቤተ መጻሕፍቱ ይህን ይቀበል እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።

ካልተቀበለ ሽፋኑ ተገንጥሎ እንደገና ይጠረዛል። ከላይ ባለው ዋጋ አምስቱ ገጽ 25 ብር፣ ጥረዛው 2,000 ብር ነው። ዳሩ እንደገና ስለሚቆረጥ የግራው ኅዳግ ይጠባል፤ ከመጀመሪያው ጠባብ ከነበረ ፊደል ወደ ጀርባው ይገባል።

እርማት ኪስ የሚያራቁተው በወረቀቱ ሳይሆን በጥረዛው ነው። ስለዚህ ገና ያላስጠረዛችሁ፣ አማካሪው በእርማቱ ተስማምተው የማጽደቂያውን ገጽ በአምስቱም ቅጂ ላይ እስኪፈርሙ ወረቀቱን ሳይጠረዝ ያዙት። ሽፋኑ ላይ በወርቅማ ቀለም የሚወጣውን ርዕስና ስም በስልክ አትንገሩ፤ ጽፋችሁ ስጡ። እዚያ የተሳሳተ ፊደል የሚታረመው ሽፋኑ ሲቀየር ብቻ ነው።

«ወረቀቱን ራሴ ገዝቼ ብሄድ ይረክስልኛል?» (ከሐይቅ)

ማተሚያ ቤቱ ከገጹ ዋጋ ላይ ስንት እንደሚቀንስልሽ ሳትጠይቂ አትግዢ። አንድ ደስታ 500 ወረቀት ነው፤ በአንድ ፊት የሚታተም 118 ገጽ በአምስት ቅጂ 590 ስለሚሆን ሁለት ደስታ ያስገዛሻል። ከገዛሽ 80 ግራሙን ያዢ፤ በ70 ግራም ወረቀት ላይ የካርታው ቀለም በጀርባው ይታያል።