ሆቴሉ «ልከናል»፣ ባንኩ «አልደረሰንም» ሲሉ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኢንተርኔት በካርድ የከፈልኩበትን የውጭ አገር ሆቴል ሰርዤ ነበር። ገንዘቡ ተመላሽ መደረጉን በኢሜይል ከጻፉልኝ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ካርዴ ላይ ግን ምንም የለም። ባንኬ አልደረሰንም ይላል፣ ሆቴሉ ልከናል ይላል። ማንን ልመን?»

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በባንክ የካርድ ክፍያ ሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ከደብረ ብርሃንም ከሸዋ ሮቢትም በዚሁ ጉዳይ የሚመጡ ደንበኞችን አስተናግጃለሁ፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ክፍያውን የተቀበለው ነጋዴ፣ በእርስዎ ጉዳይ ሆቴሉ፣ ቀን መቁጠር የሚጀምርበትና ባንኩ የሚጀምርበት ቦታ የተለያየ በመሆኑ ነው።

ነጋዴው የ«ተመላሽ» ቁልፍን ሲጫን ገንዘቡ ወዲያው ወደ እርስዎ አይመጣም። መጀመሪያ ትእዛዙ ለነጋዴው ባንክ ይደርሳል፤ ያ ባንክ ከሌሎች ክፍያዎች ጋር በአንድነት አጠራቅሞ ወደ ቪዛ ወይም ወደ ማስተርካርድ መረብ ያስተላልፈዋል፤ ከመረቡ ካርድዎን ወደሰጠው ባንክ የካርድ ማዕከል ይገባል፤ በመጨረሻም ማዕከሉ ከካርድዎ ሒሳብ ላይ ይመዘግበዋል። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ምዝገባ ብቻ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ገና መንገድ ላይ ሳለ «አልደረሰንም» ቢልዎት አልዋሸም። የነጋዴው ባንክ ወደ መረቡ ካስተላለፈው ጀምሮ እስከ ምዝገባው ድረስ የተለመደው ጊዜ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀናት ነው። የሥራ ቀን ሲባል ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፤ በነጋዴው አገር ያለ በዓልም፣ በእኛ አገር ያለ በዓልም እንዲሁ አይቆጠርም።

ስለዚህ ኢሜይሉ የተጻፈበትን ቀን ትተው፣ የነጋዴው ባንክ ገንዘቡን በእርግጥ ያስተላለፈበትን ቀን ማወቅ ይኖርብዎታል። ይህን የሚነግርዎት በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ARN የሚባለው ባለ 23 አኃዝ ቁጥር ነው። ተመላሹን ወደ መረቡ የሚያስገባው የነጋዴው ባንክ ለእያንዳንዱ ዝውውር የሚሰጠው መለያ ሲሆን፣ ነጋዴው ከራሱ ባንክ ወይም ከክፍያ አቀናባሪው ማግኘት ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ በአውቶቡስ ዕቃ ተልኮልዎ የመላኪያ ቁጥሩን ሳይዙ መናኸሪያ ቢሄዱ እንደማያገኙት ሁሉ፣ ያለዚህ ቁጥር ባንክዎ ተመላሹን ከብዙ ሺህ ዝውውሮች መካከል ለይቶ ሊፈልግልዎ ይቸገራል። ለሆቴሉ ሲጽፉ «ገንዘቤ የታለ» ከማለት ይልቅ የተመላሹን ARN፣ የተመላሹን መጠንና የካርዱን የመጨረሻ አራት አኃዞች በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ሙሉውን የካርድ ቁጥር ግን በኢሜይል አይጻፉ፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ይህ ቁጥር የራሱ አሠራር አለው፤ ከመካከሉ ከ8ኛው እስከ 11ኛው ያሉት አራት አኃዞች ቀን ናቸው። የመጀመሪያው አኃዝ የፈረንጆቹ ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። ሌሎቹን አኃዞች በ# ብንተካቸው እንዲህ ይታያል፦

```
####### 4362 ############
```

4 ማለት 2024 ነው፤ 362 ማለት የዓመቱ 362ኛ ቀን ነው። 2024 ባለ 366 ቀን ዓመት ስለነበረ፣ 362ኛው ቀን ዲሴምበር 27 ላይ ይውላል፤ በእኛ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው።

ይህን ቁጥር የወሰድኩት አንድ የምንጣፍና የብርድ ልብስ ነጋዴ ይዞት ከመጣው ጉዳይ ነው። ለዱባይ ጉዞ ሆቴል ይዞ ሰረዘ፤ ሆቴሉም ታኅሣሥ 14 ቀን፣ በእነሱ ዲሴምበር 23፣ 420 ዶላር ተመላሽ አድርገናል ብሎ ጻፈለት። ሰውየው ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በገና ዋዜማ ሰኞ ዕለት፣ ኢሜይሉን አትሞ ቅርንጫፍ መጣ፤ በእሱ ቆጠራ ድፍን ሁለት ሳምንት አልፏል፤ በዓል ደርሶበታልና ቁጣው አይገርምም። ARN እንዲያስልክ ተነገረውና ቁጥሩ ሲመጣ፣ የሆቴሉ ባንክ ዝውውሩን ያስተላለፈው ታኅሣሥ 18 ቀን ዓርብ መሆኑ ታወቀ፤ ኢሜይሉ ከተጻፈ ከአራት ቀን በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድን፣ የፈረንጆቹንም አዲስ ዓመት ስንቀንስ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 28 ገና አምስተኛው የሥራ ቀን ነበር። ማክሰኞ ገና ሆነ፤ ረቡዕ ስድስተኛው፣ ሐሙስ ጥር 1 ሰባተኛው የሥራ ቀን ነበር፤ ገንዘቡም በዚያ ሐሙስ ካርዱ ላይ ተመዘገበ። ሆቴሉም ባንኩም የነገሩት ሐሰት አልነበረም፤ ኢሜይሉ ግን የሆቴሉን ውሳኔ እንጂ የባንኩን ዝውውር አልነገረውም።

እንግዲህ ARN ሲደርስዎ በመጀመሪያ ቀኑን ያንብቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 10 የሥራ ቀን ካልሞላ መጠበቅ እንጂ መጨቃጨቅ አይጠቅምም። ከሞላ ደግሞ ቁጥሩን ለቅርንጫፉ ሰጥተው፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የካርድ ማዕከል እንዲልኩት ያድርጉ፤ በቁጥሩ መፈለግ የሚችለው ማዕከሉ ነውና። ሆቴሉ ቁጥሩን ሊሰጥዎ ካልቻለ ወይም በተደጋጋሚ «ይጠብቁ» ብቻ ካለ፣ ተመላሹ ገና ያልተላከ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ARN የማይኖርበት አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረውም በዚህ ነው። ሆቴል ሲይዙ ገንዘቡ ወዲያው ላይወሰድ ይችላል፤ ባንክዎ መጠኑን ከቀሪ ሒሳብዎ ላይ አግዶ ብቻ ያቆየዋል። ሆቴሉ ሒሳቡን ሳይወስድ ከሰረዘው ወደ እርስዎ የሚላክ ተመላሽ የለም፤ እገዳው ይነሳና የታገደው ገንዘብ ይለቀቃል። በስቴትመንትዎ ላይም «ገቢ» የሚል መስመር ፈጽሞ አይመጣም፤ «በመጠባበቅ ላይ» ይል የነበረው ክፍያ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍያ ይመልከቱ፦ በቋሚነት ተመዝግቦ ከሆነ የሚጠብቁት ተመላሽ ነው፤ ገና በመጠባበቅ ላይ ከሆነ ወይም ከናካቴው ከጠፋ ደግሞ የሚጠብቁት የእገዳ መነሳት ነው። እገዳ በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ በተለይ በሆቴል ክፍያ ረዘም ሊል ይችላል። ቶሎ እንዲነሳ ከፈለጉ ሆቴሉ መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤና ክፍያው ሲፈቀድ የተሰጠውን የፈቃድ ቁጥር ይዘው ባንክዎን ይጠይቁ።

የሚመለከቱበትም ቦታ ያስታል። ብዙዎቻችን ለውጭ ክፍያ የምንይዘው በዶላር የተሞላ ቅድመ ክፍያ ካርድ ነው። ተመላሽ ሁልጊዜ ወደተከፈለበት ካርድ ነው የሚሄደው፤ በሞባይል መተግበሪያ የሚያዩት የብር ቁጠባ ሒሳብዎ ላይ ሲጠብቁ ቢከርሙ አያገኙትም። ካርዱ በመሐል ጊዜው አልፎ ወይም ጠፍቶ አዲስ ተተክቶልዎ ከሆነ፣ ይህን ለባንኩ አስቀድመው ይንገሩ፤ ተመላሹ በአሮጌው ካርድ ቁጥር ስለሚመጣ በእጅ ተፈልጎ ወደ አዲሱ መዛወር ሊኖርበት ይችላል። ክፍያው የተፈጸመው ከካርዱ በተለየ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የሚመለሰው በተመላሹ ዕለት ምንዛሪ ስለሆነ፣ መጠኑ ከከፈሉት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይደነቁ። ቁርጥ ያለውን የከፈሉትን ቁጥር ብቻ እየፈለጉ ከዓይናቸው ሥር የተመዘገበውን ያለፉ ሰዎች አሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ገንዘቡ ካልመጣ ቅሬታ ማቅረብ ነው፤ በባንኮች ቋንቋ ቻርጅባክ ይባላል። በቪዛ ደንብ «ተመላሽ ተብሎ ያልተፈጸመ» የሚለው ጉዳይ የራሱ ቁጥር አለው፤ 13.6 ነው። ነጋዴው ተመላሹን ካረጋገጠበት ሰነድ ቀን ጀምሮ በመደበኛው 15 ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ቅሬታው ደግሞ በ120 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። እነዚህ በካሌንደር የሚቆጠሩ ናቸው፤ በዓልም ሰንበትም አይቀነስም። በተለይ 120ው ቀን እርስዎ ቅርንጫፍ የሄዱበት ሳይሆን ባንክዎ ጉዳዩን ወደ መረቡ የሚያስገባበት ገደብ ነው፤ ፎርሙ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ እስኪታይ ጊዜ ስለሚወስድ እስከ መጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

ከ15 ቀን በፊት መቸኮሉም ጉዳት አለው። ተመላሹ መንገድ ላይ ሳለ ቅሬታ ተቀባይነት ቢያገኝ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊገባልዎ ይችላል፤ አንዱ በኋላ መልሶ ይቀነሳል፤ በመሐል ካወጡት ደግሞ የባንክ ባለዕዳ ሆነው ይገኛሉ።

እርስዎ እንዳሉት ሁለት ሳምንት ከሆነ 15ኛው ቀን ደጃፍ ላይ ነው። ዛሬውኑ ARN እንዲልኩልዎ ለሆቴሉ ይጻፉ፤ በመሐሉ የሚከተሉትን አዘጋጅተው ይጠብቁ፦ የመጀመሪያው ክፍያ የሚታይበትን ስቴትመንት፣ የስረዛውን ማረጋገጫ፣ ተመላሽ አድርገናል ያሉበትን ኢሜይል ከነቀኑና ከነመጠኑ፣ እንዲሁም ARN ጠይቀው የተመለሰልዎትን ወይም ሳይመለስልዎ የቀረውን መልእክት። ኢሜይሉ ቀንና መጠን የማይጠቅስ፣ «ጉዳይዎን እየተመለከትነው ነው» የሚል ዓይነት ከሆነ ግን እንደ ተመላሽ ማረጋገጫ አይቆጠርምና፣ አስቀድመው ቁርጥ ያለ መልስ በጽሑፍ ያስወስኗቸው። «ለሌላ ጊዜ መጠቀሚያ ይዘንልዎታል» የሚልም ካለበት ልብ ብለው ያንብቡት፤ ያ ወደ ካርድዎ የሚመጣ ገንዘብ ሳይሆን በእነሱ ዘንድ የሚቀመጥ ኩፖን ነው፤ ቅርንጫፉም ያን ወረቀት አይቶ ፎርሙን ላይቀበልዎ ይችላል።