ወተት ለማይስማማት ልጅ ካልሲየም ከየት ይምጣ?

የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ወተት ከጠጣች ብዙም ሳይቆይ ሆዷ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያም ያስቀምጣታል። ሐኪም አይቷት «ላክቶስ አይስማማትም» ካለን 4 ወር ሆነን። ከዚያ ወዲህ ወተቱንም፣ እርጎውንም፣ ፎርማጆውንም ከቤት አስወጣሁ። በምትኩ አልሞንድ ዘፍዝፌ፣ ፈጭቼና አጥልዬ አጠጣታለሁ፤ ቆስጣም በየቀኑ አበላታለሁ። ሆዷ ተሽሏታል፤ አጥንቷ ግን ያሳስበኛል። የካልሲየም ክኒን ላስጀምራት ወይስ ምግብ ይበቃታል?
የአንዲት ልጅ እናት

እህቴ፣ ክኒኑን ለጊዜው ተዪው። ምግብ ይበቃታል፤ አሁን የምትሰጫት ግን አይበቃትም።

በጣም ያሳሰበኝ ቆስጣው ነው። ቆስጣና ስፒናች ካልሲየም አላቸው፤ ችግሩ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገርም በብዛት መያዛቸው ነው። ኦክሳሌቱ ካልሲየሙን አንቆ ይይዘውና ሆድ ሳይመጠው አብረው ይወጣሉ። ሰውነት ከወተት ካልሲየም ሲሶ ገደማውን ሲወስድ፣ ከስፒናች የሚያገኘው ከመቶ 5 እጅ አካባቢ ብቻ ነው። ጎመን ኦክሳሌቱ ጥቂት ስለሆነ ካልሲየሙን በደንብ ይሰጣል። ስለዚህ ቆስጣውን በጎመን ተኪው። ቤት የሚጠለለው የአልሞንድ ወተትም አብዛኛው ውሃ ነው፤ ተገዝቶ የሚመጣው በካልሲየም የሚሻለው ስለሚጨመርበት ነው።

ሁለተኛው፣ እርጎና ፎርማጆ መውጣት አልነበረባቸውም። የልጅሽ ችግር የወተቱን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ማነስ ነው። ስለዚህ ወሳኙ መጠን ነው። አንድ ኩባያ ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ አለው። ጠንካራውና የቆየው ፎርማጆ ግን ላክቶሱ ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ፣ የቀረውንም ባክቴሪያ ስለሚበላው፣ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። እርጎ ውስጥ ያለው ሕያው ባክቴሪያም ላክቶሱን አንጀቷ ውስጥ ሆኖ ይፈጭላታል። ይህን የምልሽ ግን የወተት አለርጂ ከሌለባት ነው። ወተት ስትወስድ ሰውነቷ ሽፍ ብሎ፣ ከንፈሯ አብጦ፣ አተነፋፈሷ ተቸግሮ ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ታይቶ የሚያውቅ ከሆነ እርጎውንም ፎርማጆውንም አትሞክሪ፤ መጀመሪያ ሐኪሟን አማክሪ።

ሙከራውን በ2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ፣ ምግብ ከበላች በኋላ ጀምሪ። ለ3 ቀን ተመልከቻት። ሆዷ ካልተነፋ ወደ ግማሽ ኩባያ፣ ቀስ በቀስም ወደ ሙሉ መጠኑ ከፍ አድርጊ። ፎርማጆውን ከዚያ በኋላ ለብቻው ሞክሪ፤ ሁለቱን ባንድ ቀን ከጀመርሽ የትኛው እንደረበሻት አታውቂም።

በእሷ ዕድሜ በቀን የሚያስፈልጋት 1000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል። ቁርስ ላይ አጃ፣ ካልሲየም በተጨመረበት አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ወይም ላክቶስ በሌለው ወተት ተሠርቶ፤ ይህ ብቻውን 300 ገደማ ይሰጣታል። የአኩሪ አተሩን ወተት ከመቅዳትሽ በፊት በኃይል በጥብጪው፤ ካልሲየሙ ከሥር ይዘቅጥና ዕቃው ባዶ ሲሆን እንደ ነጭ ጭቃ ታገኚዋለሽ። ለመክሰስ 30 ግራም ፎርማጆ በዳቦ፣ ይህም 200 ገደማ ነው። ምሳዋ ሩዝ በቦሎቄና በጎመን ቢሆን 100 አካባቢ ታገኛለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ትንሽ ሳህን እርጎ ሌላ 200 ይጨምርላታል። እራት ላይ ከነአጥንቱ የተፈጨ 2 ሳርዲን ወደ 90 ይሰጣል፤ ለስላሳውን አጥንት ካወጣሽው ግን ካልሲየሙን ጣልሽው ማለት ነው። ድምሩ 890 ነው፤ የጎደለውን ብርቱካኑ፣ ዳቦውና ሌላው ምግብ ይሞላዋል። በየቀኑ ልክ ካልመጣልሽ አትጨነቂ፤ የሳምንቱን አማካይ ተመልከቺ።

ካልሲየሙ እንዲመጠጥላት ቫይታሚን ዲም ያስፈልጋታል፤ በቂ ፀሐይ ካላገኘች ስለ መጠኑ ሐኪሟን ጠይቂ። ክኒን የሚታሰበው እርጎውንም ካልሲየም የተጨመረበትን ወተትም ለሳምንታት እምቢ ካለች ነው። ያኔም ሐኪም መጠኑን ይወስን፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም አይለፍ፣ ከአይረን ክኒን ጋርም አብሮ አይሰጥ።

ላክቶሱን እየተቆጣጠርሽም ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት፣ ክብደት የምትቀንስ ወይም ቁመቷ የቆመ ከሆነ ምክንያቱ ላክቶስ ብቻ ላይሆን ይችላልና እንደገና ትታይ። 9 ዓመት ሲሞላት ደግሞ ፍላጎቷ ወደ 1300 ይወጣል፤ ያኔ እዚሁ ዝርዝር ላይ አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት ጨምሪላት።