በአያትና በልጅ ልጅ መሃል መልእክት ማስተላለፍ

ጥያቄ፦ «አያቴ የሚሉትን ለአጎቴ ልጅ የምጽፍለት እኔ ነኝ፣ የሱን መልስ የማነብላቸውም እኔው። እሱ ‹እሺ በኋላ ደውይልኝ› ብሎ ይልካል፣ እሳቸው ይቀየማሉ። እንዴት ላስተካክለው?»

መጀመሪያ በስልክ ሲያወራቸው ምን እንደሚላቸው ስማ። «እርስዎ» የሚል ከሆነ ስታነብላቸው «እሺ፣ ቆየት ብለው ይደውሉልኝ» በል፣ አለቀ። በቃልም «አንቺ» የሚላቸው ከሆነ ግን አትንካው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «አንቺ» ሲላቸው የኖረ ልጅ ድንገት «እርስዎ» ሲላቸው ያኮረፈ ነው የሚመስላቸው። እንዲህ ከሆነ ያስቀየማቸው ማጠሩ ነው። «ለምን በኋላ?» ብለህ ጠይቀውና ምክንያቱን ጨምረህ አንብብላቸው፦ «አሁን ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ስወጣ ደውይልኝ።»

ወደ «እርስዎ» ከቀየርክ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀይር። «እርስዎ፣ ስልክሽን ዘግተው ነበር?» ዓይነት ቅይጥ ማላገጥ ይመስላል። «ስልክዎን ዘግተው ነበር?» ነው የሚባለው።

የሳቸውን ለእሱ ስትጽፍ «አንተ» ይበቃዋል። እዚህ ችግሩ ሌላ ነው፦ «ለምን አልደወልክም?» በድምፃቸው ናፍቆት ነው፣ በጽሑፍ ግን ቁጣ ይሆናል። «ልጄ» ካሉ «ልጄ» የምትለዋን አትቁረጥ፣ መርቀው ከጨረሱም ምርቃቱን ጻፈው፣ ቢረዝምም ይርዘም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ያላለውን ይቅርታ አትጨምርለት። አንድ ዘመዳችን እንዲህ አድርጎ፣ አያትየው በማግስቱ ደውለው «ይቅርታ ስላልከኝ ተባረክ» ሲሉት ልጁ «የምን ይቅርታ?» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያ ዘመድ የሚያነብላቸውን ሁሉ «እውነት እሱ ነው ያለው?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር።