ብልጫ እያላችሁ መክሰር ይቻላል

ውድ ወጣቶች፣

ኦድ፣ ማለትም ያሸነፈ ውርርድ ስንት እጥፍ እንደሚከፈለው የሚናገረውን ቁጥር፣ በማውጣትና ስጋት በማስላት ሥራ ላይ ረጅም ዕድሜ ቆይቻለሁ። ወጣቶች ሲያገኙኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «የቱ ላይ ልወራረድ?» ብለው ነው። «ስንት ላስይዝ?» የሚለኝ ጥቂት ነው። እኔ ግን ሰው የሚጎዳው በሁለተኛው ጥያቄ ሲሆን አይቻለሁ። ትክክለኛውን ጎን መርጦ፣ ከአወራራጁ የተሻለ ግምት ይዞ፣ በሚያስይዘው መጠን ብቻ ገንዘቡን የጨረሰ ሰው አለ። ይህ እንዴት እንደሚሆን በቁጥር ላሳያችሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንተማመን። ብልጫ፣ ማለትም በኦዱ ስትወራረዱ በአማካይ የሚያተርፍ ዕድል፣ ከሌላችሁ ትክክለኛው መጠን ዜሮ ነው። አብዛኛው ተወራራጅ ብልጫ የለውም፤ አወራራጁ ኦዱን ሲያወጣ የራሱን ትርፍ አስቀድሞ ቆርጦ ነውና። በተበሉ ቁጥር እጥፍ ማስያዝም ሆነ ሌላ የመጠን ዘዴ ይህን አይቀይረውም። ከዚህ በታች የምጽፈው የራሱን ግምት በጥንቃቄ ለሚሠራ፣ ቢጠፋ ኑሮው የማይናጋ ገንዘብ ለይቶ ላስቀመጠ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ጆን ኬሊ የሚባል የቤል ላብስ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ አነሳ። ዋና ሥራው በመገናኛ መስመር ላይ ስለሚተላለፍ መረጃ ነበር፤ ጥያቄው ግን የተወራራጅ ነው። ትርፉን እየመለሰ የሚያስይዝ ሰው ገንዘቡ በረጅም ጊዜ በፍጥነት እንዲያድግለት በየጊዜው ከካፒታሉ ስንት እጁን ያስይዝ? መልሱ በጣም አጭር ሆነ፦ ብልጫህን ከኦዱ ላይ 1 ተቀንሶ በሚቀረው አካፍል። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለው የሂሳብ ሊቅ ይህን ቀመር በኋላ በብላክጃክ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያም በአክሲዮን ገበያ ሠራበት።

እንሞክረው። አንድ ጨዋታ ላይ ኦዱ 2.10 ነው እንበል። እናንተ አጥንታችሁ የማሸነፍ ዕድሉ 52 በመቶ ነው ብላችኋል። 0.52ን በ2.10 አባዙት፤ 1.092 ይሆናል። ከዚህ ላይ 1 ስትቀንሱ 0.092 ይቀራል። ብልጫችሁ ይህ ነው፤ ባስያዛችሁት በእያንዳንዱ 100 ላይ በአማካይ 9.2 ታተርፋላችሁ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከኦዱ ላይ 1 ቀንሱ፤ 1.10 ይቀራል። ካሸነፋችሁ በእያንዳንዱ 1 ላይ የምታገኙት የተጣራ ትርፍ ነው። 0.092 ለ1.10 ሲካፈል 0.0836 ይመጣል። ካፒታላችሁ 10,000 ከሆነ 836 አስይዙ ይላል ቀመሩ። ሙሉ ኬሊ የሚባለው ይህ ነው።

ሂሳቡ ስህተት የለበትም። ችግሩ 52 በመቶ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ኦዱን ስክሪኑ ላይ ታነቡታላችሁ፤ ዕድሉን ግን ማንም አይነግራችሁም። እናንተ የገመታችሁት ነው። ቀመሩ ደግሞ ግምታችሁን እንደ እውነት ይወስደዋል። ትንሽ ልሳሳት እችላለሁ ለማለት ምንም ቦታ አይተውላችሁም።

እንግዲህ እውነተኛው ዕድል 52 ሳይሆን 49 በመቶ ቢሆንስ? አሁንም ብልጫ አላችሁ። 0.49 በ2.10 ሲባዛ 1.029 ነው፤ ብልጫው 2.9 በመቶ። በሥራዬ ያየኋቸው ብዙ ባለሙያዎች ይህን ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል። ግን በዚህ ብልጫ ኬሊ የሚፈቅደው 264 ብቻ ነው። እናንተ 836 አስይዛችኋል፤ ከሦስት እጥፍ በላይ።

በዚህ ሁኔታ 500 ጊዜ ተወራረዱ እንበል። ልክ እንደ ዕድሉ 245 ጊዜ አሸነፋችሁ፣ 255 ጊዜ ተበላችሁ። በየጊዜው እኩል 100 እያስያዛችሁ ቢሆን ኖሮ 1,450 ታተርፉ ነበር። በሙሉ ኬሊ ስትሄዱ ግን 10,000 የነበረው ካፒታል ወደ 4,920 ይወርዳል። ድሉና ሽንፈቱ በምን ቅደም ተከተል እንደመጣ ለውጥ አያመጣም፤ በመቶኛ ስለምታስይዙ መጨረሻው ያው ነው። አሸናፊ ግምት ይዛችሁ ግማሽ ገንዘባችሁ ሄደ።

ለምን? አንድ ድልና አንድ ሽንፈት ብቻ ወስደን ቀረብ ብለን እንየው። በሙሉ ኬሊ ስታሸንፉ ካፒታሉ በ9.2 በመቶ ያድጋል፣ ስትበሉ በ8.36 በመቶ ይቀንሳል። ከ10,000 ተነስታችሁ አንድ አሸንፋችሁ አንድ ብትበሉ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 10,007 ገደማ ነው። 7 ብቻ። አሁን መጠኑን ወደ ሩብ አውርዱት፤ 836 የነበረው 209 ይሁን። ከአንድ ድልና ከአንድ ሽንፈት በኋላ 10,016 ይኖራችኋል። ያስያዛችሁት አራት እጥፍ ያነሰ ነው፤ ያተረፋችሁት ግን ከእጥፍ በላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ሽንፈት የሚቆርጠው ካደገው ገንዘብ ላይ ነው፣ ድል የሚጨምረው ደግሞ በተቆረጠው ላይ ነው። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ይህ መጎተት ከትርፉ በላይ ይፈጥናል።

ከዚያ የሚመጡት አሥሩ ተጨማሪ ሽንፈቶች ናቸው። 245ቱ ጥንዶች በሙሉ ኬሊ ካፒታሉን ወደ 11,780 ያደርሱታል፤ አሥሩ ሽንፈቶች 4,920 ላይ ይጥሉታል። በሩብ ኬሊ ጥንዶቹ 14,830 ያደርሱታል፤ አሥሩ ሽንፈቶች ወደ 12,000 ይመልሱታል። ግምቱ ያው፣ ጨዋታው ያው፣ ስህተቱም ያው። አንዱ ግማሹን አጣ፣ ሌላው 20 በመቶ አተረፈ።

«ሦስት ነጥብ አልሳሳትም» የሚለኝ ይኖራል። እስቲ እንየው። 500 ውርርድ መዝግባችሁ 52 በመቶውን አሸንፋችኋል እንበል። በዚያ ያህል ቁጥር ውስጥ በዕድል ብቻ የሚመጣው የተለመደ ልዩነት ከሁለት ነጥብ በላይ ነው፤ አራት ነጥብ ቢወዛወዝም ብርቅ አይደለም። ስለዚህ 500 ውርርድ የ52 ሰው ናችሁ ወይስ የ49 በእርግጠኝነት አይለይም። ሰው ደግሞ 500 ሳይሆን 60 ቲኬት አይቶ ነው ራሱን የሚያምነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። እናንተ ሁሉም ጨዋታ ላይ አትወራረዱም። የምትመርጡት ግምታችሁ ከኦዱ የሚበልጥባቸውን ብቻ ነው። ግምታችሁ የሚበልጠው ደግሞ አንዳንዴ እውነት ስላወቃችሁ፣ አንዳንዴ ወደ ላይ ስለተሳሳታችሁ ነው። ወደ ታች የተሳሳታችሁባቸው ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የምትወራረዱባቸው ጨዋታዎች ላይ ግምታችሁ ወደ ላይ ማጋደሉ አይቀርም። ትልቅ ብልጫ ያየሁ ሲመስለኝ እኔ መጀመሪያ የምፈትሸው ራሴን ነው፤ የተጎዳ ተጫዋች አምልጦኝ ይሆን? ሌላው ሰው የሚያውቀው እኔ የማላውቀው ምን አለ?

ግምታችሁ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ ሙሉ ኬሊ ለመኖር ከባድ ነው። በንድፈ ሐሳቡ ካፒታላችሁ አንድ ቀን ከመነሻው ወደ ግማሽ የመውረድ ዕድሉ ከሁለት አንድ ገደማ ነው። ግማሽ ኬሊ ይህን ከስምንት አንድ ያደርገዋል፤ ሩብ ኬሊ ከመቶ አንድ በታች። የምትከፍሉበት ዋጋ ደግሞ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ግምቱ ትክክል ከሆነ ግማሽ ኬሊ የሙሉውን የዕድገት ፍጥነት ሦስት አራተኛ ይሰጣል፤ ሩብ ኬሊ ከ44 በመቶ ትንሽ ዝቅ ይላል። ወደ ላይ ስትሄዱ ግን ምሕረት የለም። የትክክለኛውን እጥፍ ብታስይዙ ዕድገቱ ዜሮ ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፋችሁ ብልጫ እያላችሁ ትቀልጣላችሁ። አሳንሶ መሳሳት ትርፍ ይቀንሳል፤ አብዝቶ መሳሳት ካፒታል ይበላል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ስላልሆኑ ወደ ታች ማጋደል አስተዋይነት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ከሩብ ጀምሩ ነው። ቀመሩ 836 ሲላችሁ 209 አስይዙ። የመጨረሻ ጣሪያም ይኑራችሁ፤ ቀመሩ ምንም ይበል ምን በአንድ ውርርድ ላይ ከካፒታላችሁ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ አትለፉ። ጣሪያው የሚጠቅማችሁ ግምታችሁ ክፉኛ በሳተበት ቀን ነው። በአንድ ሰዓት አምስት ጨዋታ ካለ ደግሞ እያንዳንዱን ብቻውን አታስሉት። በሙሉ ኬሊ አምስቱ 836 ተደምረው ከካፒታላችሁ 42 በመቶ ገደማ በአንድ ምሽት ሜዳ ላይ ይሆናል። አንድ ጨዋታ ላይ ብዙ ዓይነት ውርርድ ስታስገቡ ደግሞ ይባስ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹም አብረው ይወድቃሉና እንደ አንድ ቁጠሯቸው።

ካፒታሉ ሲቀንስ የምታስይዙትም አብሮ ይቀንስ። 10,000 ወደ 8,000 ከወረደ 2 በመቶ ማለት 160 ነው እንጂ 200 አይደለም። ይህን የሚዘነጋ ሰው ሳያውቀው መጠኑን እያሳደገ ነው። የጠፋውን ለማስመለስ ብላችሁ ከፍ ካደረጋችሁ ደግሞ ቀመሩን ትታችሁታል።

ከሩብ ከፍ ልበል ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ መዝገባችሁ ውስጥ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ውርርድ በፊት ግምታችሁን በቁጥር ጻፉ፤ የወሰዳችሁትን ኦድ ጻፉ፤ ጨዋታው ሊጀምር ሲል የነበረውን የመጨረሻ ኦድም ጻፉ። በ2.10 የወሰዳችሁት መጨረሻ ላይ 1.98 ከሆነ ገበያው ወደ እናንተ መጥቷል። ይህ በተደጋጋሚ ከሆነ ከአሸናፊ ቲኬቶች ቁጥር ይልቅ ቀድሞ የሚታይ የብልጫ ምልክት ነው። 2.10 ወደ 2.25 እየሄደ የሚዘጋባችሁ ከሆነ ግን እያሸነፋችሁም ቢሆን ግምታችሁን ጠርጥሩት። ቀጥሎም 52 በመቶ ያላችኋቸውን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስባችሁ ስንቱ እንዳሸነፈ ቁጠሩ። በብዙ መቶዎች ውስጥ 49 አካባቢ ካገኛችሁ ከዚያ በኋላ ግምታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አስሉ፤ ብልጫው ከጠፋ ደግሞ ቀመሩ ዜሮ ይላችኋል፣ እናንተም ዜሮ አስይዙ።